የዐፄ ምኒልክ ፊት በጌም ገጸ ባሕርይ አካል ላይ፦ ከፎቶግራፍ ወደ ባለ ሦስት አውታር ራስ

(ዘመሮ ላይ ለተማሪዎችና ለመምህራን የተሰጠ ሕዝባዊ ሌክቸር ጽሑፍ)



ስለ ዛሬው ርእስ ከመናገሬ በፊት አንድ ምስል በዐይነ ኅሊናችሁ እንድታስቡ እጠይቃችኋለሁ። «ሲቪላይዜሽን 6» በተባለው የኮምፒዩተር ጌም ውስጥ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2020 ጀምሮ ኢትዮጵያን የሚመሩት ዐፄ ምኒልክ ናቸው። በአማርኛ ይናገራሉ፤ እጃቸውን እያንቀሳቀሱ ከተጫዋቹ ጋር ይደራደራሉ። ከዚያ በፊት በነበረው «ሲቪላይዜሽን 5» ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ተጨማሪ ክፍል ኢትዮጵያን በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ወክሏት ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የንጉሡ ብቻ አይደለም። የቀድሞው ጌም መሪዎቹን እውነተኛ ሰው ለማስመሰል የሚጥር ነበር፤ የኋለኛው ግን ሆን ብሎ የሥዕል መልክ ሰጥቷቸዋል፤ ሰውነታቸውም ፊታቸውም የተጋነነ ነው። ሆኖም በሁለቱም ውስጥ አካሉ የሠዓሊ ፈጠራ ሲሆን ፊቱ ግን በእርግጥ የኖረ ሰው ፊት ነው። የዛሬው ጥያቄዬም ይኸው ነው፤ የአንድ እውነተኛ ሰው ፊት እንዴት ተደርጎ ነው በተፈጠረ አካል ላይ የሚያርፈው? አርፎስ ያ ሰው ሆኖ የሚቀረው መቼ ነው?

ዐፄ ምኒልክን ምሳሌ ያደረግሁት በሁለት ምክንያት ነው። የመጀመሪያው የቦታ ጉዳይ ነው። የተወለዱት ከዚህ ብዙም በማይርቀው በአንጎለላ ነው፤ የሸዋ ነገሥታት ዘር የሚቆጠረውም ከዚሁ ከመንዝ ተነሥቶ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ግን ሙያዊ ነው። ፎቶግራፋቸው አለ፤ በገንዘብ ላይ የተቀረጸ ምስላቸው አለ፤ ሠዓሊዎቻችን ደጋግመው የሣሏቸው ሥዕሎች አሉ። እነዚህ ሦስቱ ስለ አንድ ፊት ሦስት የተለያየ ነገር ይናገራሉ፤ ከሦስቱ አንዱን ብቻ ያመነ ሠሪም ይሳሳታል። የጌሙ ባለቤቶች በምን መንገድ እንደሠሩት አልተርክም፤ የማሳያችሁ እኛ ራሳችን በብሌንደር ወይም በሌላ ፕሮግራም ብንሠራው የምናልፍበትን መንገድ ነው።

በጣም ቀላሉ መንገድ ፎቶግራፉን እንደ ቆዳ አድርጎ በተሠራው ራስ ላይ መለጠፍ ነው። ይህ ዘዴ ትልቅ ስም ባላቸው ጌሞች ውስጥም ተሠርቶበታል። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው «ማክስ ፔይን» ዋና ገጸ ባሕርይ የለበሰው ፊት የጌሙ ደራሲ የሳም ሌክ ፊት ነበር፤ ባለሙያ ተዋናይ ለመቅጠር በቂ ገንዘብ ስላልነበረ ደራሲው ራሱ ፎቶ ተነሣ። ውጤቱ ምን እንደሆነ ጌሙን የተጫወቱ ሁሉ ያውቁታል። ደራሲው ፎቶ ሲነሣ ዐይኑን ጠበብ፣ ከንፈሩን ጠመም አድርጎ ነበር፤ ያ ገጽታ በቆዳው ላይ ታትሞ ስለቀረ ገጸ ባሕርዩ ሲቆጣም፣ ሲያዝንም፣ ዝም ብሎ ሲቆምም ያንኑ ፊት ይዞ ይኖራል። መለጠፍ ማለት ፊትን መውሰድ ሳይሆን የአንዲት ቅጽበትን ፊት መውሰድ ነው። እንዲንቀሳቀስ ለተሠራ ራስ የሚፈለገው ፎቶ፣ ሰውዬው አፉን ገጥሞ፣ ግንባሩን አላልቶ፣ ምንም ሳይገልጽ የተነሣው ነው። ፈገግታውን ከፎቶው አትውሰዱት፤ ፈገግታ በኋላ በአጥንትና በጡንቻ ምትክ በተተከሉት መቆጣጠሪያዎች ይመጣል።

ከገጽታው በላይ ሠሪውን የሚጎዳው ግን ብርሃን ነው። በደጋችን ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ፎቶ የተነሣ ሰው ዐይኖቹ በቅንድቡ ጥላ ውስጥ ይሰወራሉ፤ ከአፍንጫውም ሥር ጥቁር ጥላ ይወድቃል። ፎቶው በራሱ ላይ ሲለጠፍ ያ ጥላ ጥላ መሆኑ ይቀርና የቆዳ ቀለም ይሆናል። ከዚያ በጌሙ ዓለም ውስጥ ብርሃን ከግራ ሲመጣ ፕሮግራሙ ሌላ ጥላ ይጨምራል። አንዱ ፊት ሁለት ፀሐይ አለው ማለት ነው። ይህን ለማወቅ ቀላል መፈተኛ አለ፤ የሠራችሁትን ራስ ያለ ምንም ብርሃን፣ ቀለሙ ብቻ እንዲታይ አድርጋችሁ ተመልከቱት። በዚህ ሁኔታ አፍንጫው ጎላ ብሎ የሚታይ ከሆነ ጥላ ተለጥፎበታል፤ ንጹሕ የሆነ የቆዳ ቀለም ግን ጠፍጣፋ መስሎ መታየት አለበት። በሕይወት ያለ ሰው ከሆነ መፍትሔው ደመናማ ቀን ወይም የቤት ጥላ መምረጥ ነው። ለሟች ንጉሥ ግን ፎቶውን መልሶ ማስነሣት አይቻልም፤ ስለዚህ ጥላውን በእጅ ማጽዳት ግድ ነው።

ስለ አሮጌ ፎቶግራፍ በተለይ ልብ ልትሉት የሚገባ ጉዳይ አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ይሠራበት የነበረው የፎቶግራፍ መስተዋት ለሰማያዊ ብርሃን በጣም ንቁ፣ ለቀይ ግን ዕውር ማለት ይቻላል። የቀይ ዳም ወይም የጠይም ሰው ቆዳ አብዛኛውን ብርሃን የሚመልሰው በቀዩና በብጫው ወገን ስለሆነ እንዲህ ባለው መስተዋት ላይ ሰውዬው ከነበረው ይልቅ ጠቁሮ ይወጣል፤ ከንፈሩ ይጠቁራል፤ በጉንጩና በአገጩ ላይ ያለው ጥቃቅን ልዩነት ይዋጣል። ሰማያዊ ሰማይ ደግሞ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ለሁሉም ቀለም ንቁ የሆነው መስተዋት ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1906 ገደማ ሲሆን ለመስፋፋት ተጨማሪ ዓመታት ወስዶበታል። እንግዲህ የዐፄ ምኒልክን የቆዳ ቀለም ከፎቶግራፋቸው ላይ «ለክቼ አገኘሁ» የሚል ሠሪ የለካው የመስተዋቱን ኬሚካል ነው። የፊታቸውን ቅርጽ ከፎቶው ውሰዱ፤ ቀለሙን ግን ዛሬ በተመሳሳይ ብርሃን ሥር ከምታዩአቸው የአካባቢው ሰዎች ቆዳ ውሰዱ።

በአንድ ነገር ግን የድሮው ፎቶ ከዘመናችን የስልክ ፎቶ ይሻላል፤ ይኸውም በርቀት ነው። ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ጆሮ ያለው ጥልቀት ወደ 12 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ስልካችሁን በክንዳችሁ ልክ ዘርግታችሁ፣ ከአፍንጫችሁ በ40 ሴንቲ ሜትር ርቀት ራሳችሁን ብታነሡ ጆሯችሁ ከካሜራው 52 ሴንቲ ሜትር ይርቃል። 52ን ለ40 ስናካፍል 1.3 ይሆናል፤ አፍንጫው ከጆሮው ጋር ሲነጻጸር በ30 ከመቶ ተልቋል ማለት ነው። ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ያለ ካሜራ ግን 212 ለ200፣ ማለትም 6 ከመቶ ያህል ብቻ ያዛባል። ንጉሡን ከነዙፋናቸው ያነሣ ባለ ካሜራ ብዙ ሜትር መራቁ የግድ ነበርና ፊቱ ብዙም አልተዛባም። ችግሩ ተማሪዎቻችን በስልክ ያነሡትን የራሳቸውን ፊት ሲለጥፉ ነው። የጌሙ ካሜራ የራሱን መዛባት በላዩ ስለሚጨምር አፍንጫው ሁለት ጊዜ ያድጋል፤ ከዚያ «እኔን አልመሰለም» ብለው ፕሮግራሙን ይወቅሳሉ።

ቅርጹን ከፎቶው እንውሰድ ብያለሁ። ሆኖም ከፊት ለፊት የተነሣ ፎቶ የፊቱን ስፋትና ቁመት እንጂ ጥልቀቱን አይነግረንም። አፍንጫው ወደ ፊት ምን ያህል ይወጣል? ግንባሩ ወደ ኋላ ያዘነብላል ወይስ ቀጥ ብሏል? አገጩስ? ይህን በግምት የሞላ ሠሪ ሥራው ከፊት ለፊት ሲታይ ድንቅ ይሆንለታል፤ ገጸ ባሕርዩ ዘወር ሲል ግን ሌላ ሰው ይሆንበታል።

እዚህ ላይ የሀገራችንን ሥዕል ማንሣት አግባብ ነው። በባህላዊው የአሣሣል ሥርዓታችን ጻድቅ፣ ንጉሥና የወገን ጦር በሁለት ዐይን፣ ፊት ለፊት ወይም በጥቂቱ ዘወር ብለው ይሣላሉ፤ ሰይጣንና ጠላት ግን በአንድ ዐይን በጎን ይሣላሉ። የዐድዋን ጦርነት ሥዕሎች ያየ ሰው ይህን ያውቃል፤ ኢትዮጵያውያኑ ሁለት ዐይን፣ ጣሊያኖቹ አንድ ዐይን አላቸው። እንግዲህ በሥዕል ልማዳችን የንጉሥ ጎን አይታይም፤ ሠዓሊውም የአፍንጫውን ከፍታ ማወቅ አላስፈለገውም። ንጉሡን የምንለየው በዘውዱ፣ በጥላው፣ በጢሙና በላዩ በተጻፈው ስም ነው። ይህ ለሥዕሉ ጉድለት አይደለም፤ ሥዕሉ የተሠራው ማዕርግን ለመግለጥ እንጂ ካሜራ እየዞረ እንዲመረምረው አይደለምና።

ታዲያ የንጉሡን ጎን ከየት እናገኛለን? ከኪሳቸው፣ ማለትም ከገንዘባቸው! እ.ኤ.አ. በ1894 ገደማ በፓሪስ መመታት የጀመረው የምኒልክ ብር በአንድ ወገኑ አንበሳ፣ በሌላው ወገን ዘውድ የደፉ ንጉሥ አለው፤ ንጉሡ በጎን ወደ ቀኝ ይመለከታሉ። የአውሮፓ የገንዘብ ልማድ የነገሥታትን ጎን ስለሚያሳይ፣ በእኛ ሥዕል የጠላት የሆነው አቀማመጥ በእኛው ገንዘብ ላይ የንጉሥ ሆነ። ለሠሪው ይህ በረከት ነው። የሳንቲም ቅርጽ ጥልቀቱ የተጨፈለቀ ቢሆንም የጎኑ መስመር አልተጨፈለቀም፤ ከግንባር እስከ አገጭ ያለው መስመር እንዳለ ይነበባል። እርግጥ ቀራጩም አሳማሪ ነው፤ የንጉሥን ፊት ሲቀርጽ ያከብረዋል፣ ያስተካክለዋል። ስለዚህ ሳንቲሙን ከፎቶው ጋር ማስታረቅ ያስፈልጋል። አሠራሩ ይህ ነው፤ በሳንቲሙ ላይ ከቅንድብ እስከ አፍንጫ ሥርና ከአፍንጫ ሥር እስከ አገጭ ያለውን ርቀት ትለካላችሁ፤ ሁለቱን ርቀቶች በፊት ለፊቱ ፎቶ ላይም ትለካላችሁ። የሁለቱ ንጽጽር ከተስማማ የሳንቲሙን ጎን ታምኑታላችሁ፤ ካልተስማማ ቁመቱን ከፎቶው፣ የአፍንጫውን መውጣት ብቻ ከሳንቲሙ ትወስዳላችሁ። ጢም በአገጩ ላይ ስላለ የአገጩ አጥንት በሁለቱም ውስጥ ተሸፍኗል፤ በዚያ ቦታ ግምት መሆኑን አውቃችሁ ሥሩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሻለሁ። እስካሁን የተናገርሁት እውነተኛ ለሚመስል ራስ ይበቃል። አካሉ የሥዕል አካል ሲሆንስ? የአንድ ጎልማሳ ቁመት በተፈጥሮ ሰባት ራስ ተኩል ያህል ነው፤ በሥዕላዊ ጌም ውስጥ ያለ ገጸ ባሕርይ አምስት ወይም አራት ራስ ሊሆን ይችላል። በተፈጥሮ የአንድ ዐይን ስፋት የፊቱ ስፋት አንድ አምስተኛ ገደማ ነው፤ በሥዕላዊው ፊት አንድ አራተኛ ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል። እንዲህ ባለው ራስ ላይ ፎቶ ብትለጥፉ ዐይኑ ይለጠጣል፣ ቆዳው ይዘረጋል፤ ሰውም ሥዕልም ያልሆነ፣ የሚያስፈራ ነገር ይወጣል። ስለዚህ ፊቱን አንለጥፈውም፤ ልዩነቱን እናሻግረዋለን።

ሐሳቡ የካሪካቸር ሠዓሊዎች ከጥንት የሚያውቁት ነው፤ በኮምፒዩተር ያስቀመጠችው ሱዛን ብሬናን ስትሆን ሥራዋን ያቀረበችው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። አንድን ሰው የምናውቀው ከሌሎች ሰዎች በሚለይበት ነገር ነው። እንግዲያው የብዙ ሰዎችን አማካይ ፊት ሥሩ፤ የእኛ ሰው ከአማካዩ በምን እንደሚለይ ለኩ፤ ልዩነቱን አጉልታችሁ መልሱ።

```
ገጽታ = አማካይ + ማጉያ × (ሰው − አማካይ)
```

ማጉያው 1 ከሆነ ሰውዬው እንዳለ ይወጣል፤ 1.5 ከሆነ ይጋነናል፤ 0 ከሆነ ማንም ያልሆነ አማካይ ፊት ይቀራል። ለሥዕላዊ አካል ደግሞ አንድ እርምጃ ይታከላል። በቀመሩ ፊት ያለውን የተፈጥሮ አማካይ አውጥታችሁ በምትኩ የሥዕሉን ዓለም አማካይ ፊት፣ ዐይኑ የተለቀውን፣ ታስቀምጣላችሁ፤ በቅንፉ ውስጥ ያለውን ግን አትነኩትም። እንዲህ ሲሆን የሥዕሉ ዓለም ፊት የሰውዬውን ልዩነት ይለብሳል።

በቅንፉ ውስጥ ያለው «አማካይ» ግን የማን አማካይ ነው? ብላንዝና ፌተር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተሙት፣ ከዚያ በኋላ ለመጡት የዚህ ዓይነት ሥራዎች መሠረት የሆነው ሞዴል የተሠራው ከ200 ወጣት ሰዎች ራስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ከባዝል ዩኒቨርሲቲ የወጣውና በብዙ የምርምር ቤቶች የተሠራበት ሞዴልም እንዲሁ ከ200 ሰዎች የተሠራ ሲሆን አብዛኞቹ አውሮፓውያን ናቸው። ሞዴሉ በራሱ ስሕተት የለበትም፤ የለካውን ለክቷል። እኛ ስንጠቀምበት የሚሆነውን ግን በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል የወሰድኋቸው ናቸው እንጂ የልኬት ውጤት አይደሉም።

የአንድ የመንዝ ሰው የአፍንጫ ስፋት ከፊቱ ስፋት 0.29 ነው እንበል። የሞዴሉ አማካይ 0.25፣ የአካባቢው ሰው አማካይ ደግሞ 0.285 ይሁን። በሞዴሉ አማካይ ብንሄድ ልዩነቱ 0.04 ነው፤ በ1.5 ሲጎላ 0.06 ይሆናል፤ ውጤቱም 0.31። በአካባቢው አማካይ ብንሄድ ልዩነቱ 0.005 ብቻ ነው፤ ሲጎላ 0.0075፤ ውጤቱም 0.2925። ሁለቱ አፍንጫዎች የተለያዩ ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያው ስሌት ያጎላው የሰውዬውን ልዩነት አይደለም፤ የሕዝቡን ልዩነት ነው። ምናልባት ሰውዬውን ጎረቤቶቹ የሚያውቁት በዐይኖቹ መራራቅ ይሆናል፤ ያ መራራቅ በባዕዱ አማካይ ፊት እንደ ትንሽ ነገር ተቆጥሮ ተረስቷል። እንዲህ ተደርገው የተሠሩ ዐሥር ኢትዮጵያውያን ገጸ ባሕርያት እርስ በርሳቸው ይመሳሰላሉ፤ ሁሉም የአንድ «አፍሪካዊ» ካሪካቸር ቅጂዎች ይሆናሉ። በቅኝ አገዛዝ ዘመን ጋዜጦች ላይ ይወጡ የነበሩት አስነዋሪ ሥዕሎች በክፋት የሠሩትን ይህ ቀመር ያለ ክፋት፣ በሒሳብ ይሠራዋል። ለእኔ የዚህ ሙያ ከባዱ ነጥብ እዚህ ላይ ነው፤ ከብርሃኑም ከጥላውም ይልቅ።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። ፈቃደኛ የሆኑ ሠላሳ ወይም አርባ ሰዎችን፣ ወንድና ሴት፣ በዕድሜ ከተመረጠው ሰው ጋር የሚቀራረቡ፣ በደመናማ ቀን ከሁለት ሜትር ርቀት ከፊትና ከጎን ታነሣላችሁ። በእያንዳንዱ ፊት ላይ ተመሳሳይ ነጥቦችን፣ የዐይን ማዕዘኖችን፣ የአፍንጫ ክንፎችን፣ የከንፈር ጫፎችን፣ የአገጭ ጫፍን፣ ትተክላላችሁ። የሁሉንም ፊት ስፋት አንድ አድርጋችሁ የነጥቦቹን አማካይ ታወጣላችሁ። ይህ ለሳይንሳዊ ጥናት አይበቃም፤ ለአንድ ገጸ ባሕርይ ግን ከሩቅ አገር ከመጣ አማካይ እጅግ ይሻላል።

ፊቱ ከተሠራ በኋላ ከአካሉ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ይቀራል፤ እሱም ፀጉሩ የሚጀምርበት፣ ጆሮውና አንገቱ ነው። በዚህ ዐፄ ምኒልክ ለሠሪው የተመቹ ናቸው። በብዙ ፎቶግራፎቻቸው ላይ ራሳቸውን በነጭ ሻሽ አሥረው በላዩ ባለ ሰፊ ክፈፍ ባርኔጣ ይደፋሉ፤ ትከሻቸውን ካባ ይሸፍነዋል። ሻሹ የፀጉሩን መስመር ይሸፍናል፤ የካባው አንገትጌ የአንገቱን ስፌት ይሰውራል። ከዚህ ከዘመሮ የመጣ አንድ ተማሪዬ ባለፈው ዓመት ለገጸ ባሕርዩ የመንዝ በርኖስ ያለበሰው ለጌጥ መስሎኝ ነበር፤ ስጠይቀው «መምህር፣ ስፌቱን ለመደበቅ ነው» አለኝ። ጥቁር የበግ ሱፍ ብርሃን ስለማይመልስ ከዚህ የተሻለ መደበቂያ አይገኝም።

ስፌቱን ለምን መደበቅ ያስፈልጋል ብትሉ፣ አንዱ ምክንያት የጥራት ልዩነት ነው። 16 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላለው ፊት 1024 ፒክስል ብትሰጡት በአንድ ሴንቲ ሜትር 64 ፒክስል ይደርሰዋል። ዙሪያው ሁለት ሜትር የሆነ ልብስ 2048 ፒክስል ቢሰጠው ግን በአንድ ሴንቲ ሜትር 10 ያህል ብቻ ነው። ፊቱ የቆዳውን ቀዳዳ ሲያሳይ ልብሱ የደበዘዘ ይሆናል፤ ተመልካቹም ምክንያቱን ባያውቅም «ይህ ፊት ተለጥፏል» ይላል። ብዙ ጀማሪዎች የአንገቱን ጥራት ለማሳደግ ይደክማሉ፤ እኔ የምመክረው የፊቱን ማውረድ ነው። አካሉ በጠፍጣፋ ቀለምና በመስመር የተሣለ ከሆነም የፊቱን ቀለማት ወደ ሦስት ወይም አራት ደረጃ አጥፉ፤ ሥዕሉ የማያውቀውን ዝርዝር ፊቱም አይወቅ።

ሥራው መሳካቱን የምታውቁት ባርኔጣውን አውልቃችሁ ነው። ሻሹንም፣ ካባውንም አንሡ፤ ራሱ ብቻውን ይቅር። ከዚያ ፎቶግራፉን ለሚያውቁ፣ የእናንተን ሥራ ግን ላላዩ ሰዎች ስሙን ሳትነግሩ አሳዩ። «ምኒልክ ናቸው» ካሉ ፊቱን ሠርታችኋል። ካላሉና ባርኔጣው ሲመለስ ካወቋቸው የሠራችሁት ባርኔጣውን ነው። ሠዓሊዎቻችን ስሙን በላዩ ይጽፉ እንደነበረ አስታውሱ፤ እነሱ ስለ ፊቱ ቃል አልገቡም ነበር፣ እናንተ ግን ገብታችኋል።

በመጨረሻ ስለ ፈቃድ አንድ ነገር ልበል፤ አብዛኞቻችሁ የምትሠሩት የንጉሥ ሳይሆን የጓደኞቻችሁን ፊት ነውና። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ ለሽያጭም እንዳይቀርብ ይከለክላል። ሕጉ የሚለው «ምስል» ነው፤ በእኔ አስተያየት ለይቶ የሚታወቅ ባለ ሦስት አውታር ፊት ከዚህ ቃል አያመልጥም። አንቀጽ 28 ሰውዬው በሕዝብ ዘንድ የታወቀ በመሆኑ፣ በያዘው ሥራ፣ ወይም ለሳይንስና ለባህል ጥቅም ሲባል የተፈቀዱ ልዩ ሁኔታዎችን ያስቀምጣል፤ የክፍል ጓደኛችሁ ግን ከእነዚህ ውስጥ አይገባም። ከሞተ በኋላም ጉዳዩ አያበቃም፤ አንቀጽ 30 ምስሉ የሟቹን ክብር የሚነካ ከሆነ መብቱን ለቅርብ ዘመዶቹ ይሰጣል። ፈቃዱን ስትጠይቁ ፎቶውን ብቻ ሳይሆን አካሉንም አሳዩት፤ ፊቴን ስጥ የተባለ ሰው ፊቱ በማን ትከሻ ላይ እንደሚያርፍና ያ አካል በጌሙ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ሳያውቅ እሺ ቢል፣ እሺ ያለው ለሌላ ነገር ነው።

 አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።